ፀሐዩን ሳታጠፉ ዝናቡን አታውርዱ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጠራራ ፀሐይ። አስፋልቱ ግራና ቀኝ ዛፍ ተሰልፎበታል። አንድ ባጃጅ ጥግ ይዞ ቆሟል፣ አንዲት ሴት መንገዱን ታቋርጣለች፣ ከኋላ ነጭ የግንብ አጥር ይታያል። ይህን ፎቶ ዝናብ የሚዘንብበት ማስመሰል ይቻላል። ግን ብዙ ሰው ፎቶሾፕን እንደከፈተ የሚሮጠው ወደ ዝናቡ ነው። የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው፤ ዝናቡን መሥራት ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ነውና። በሥራው ቅደም ተከተል የሚያጋጥሙትን ስህተቶች እንያቸው።

የፀሐዩን ጥላ እንዳለ መተው

ደመና ሲለብስ ብርሃኑ የሚመጣው ከመላው ሰማይ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ጥላ አይኖርም። የሚቀረው ባጃጁ ሥር የምታዩት ደብዘዝ ያለ ጥቁረት ብቻ ነው። የእኛ ፎቶ ላይ ግን በቅጠሉ መሀል ሾልኮ አስፋልቱን ያዥጎረጎረው ብርሃን አለ። ያ እያለ የፈለጋችሁትን ያህል ዝናብ ብታወርዱ ማንም አያምናችሁም።

ብዙዎች እዚህ ጋ ጥላውን ለማፍካት ይታገላሉ። ጥላውን ስታፈኩት ግን የተደበቀው ሻካራ ነጠብጣብ ሁሉ ይወጣል። ተቃራኒውን አድርጉ፤ ፀሐይ ያረፈበትን ቦታ ወደ ጥላው ደረጃ አውርዱት። እርጥብ መሬት ለራሱ ጥቁር ስለሆነ ይህ ያዋጣል። Curves ሌየር ክፈቱ፣ መሀሉን ወደ ታች ሳቡት፣ ማስኩን ጥቁር አድርጉትና ፀሐይ ያረፈበትን ብቻ በነጭ ብሩሽ ቀቡ። ቀለሙንም አትርሱ። ፀሐይ ያገኘው ቦታ ቢጫ ይላል፣ ጥላው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያው Curves ውስጥ Blue ቻናሉን ትንሽ ከፍ ካደረጋችሁ ሁለቱ ይገጥማሉ። ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ቀጭን መስመር በ Clone Stamp አጥፉት። የሴትየዋ ፊት ላይ፣ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ጥላ ደግሞ በተለይ እዩት፤ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው።

ሰማዩ ላይም ስህተት አይጠፋም። ሰማያዊውን አንስተው ጥቁር ደመና ይጭኑበታል፣ ነጩ አጥር ግን እንዳለ ይቀራል። በደመናማ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶው ሁሉ ብሩህ የሚሆነው ሰማዩ ነው። አጥሩ ከሰማዩ በላይ ካበራ ዓይን ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ሰማዩን ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ አጥሩን ከእሱ ዝቅ ያለ አድርጉ።

አንድ ገደብ ግን አለ። አጥሩ በፀሐዩ ተቃጥሎ ዝርዝሩ ከጠፋ ስታጠቁሩት እንደ ካርቶን ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ሂስቶግራሙ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተከምሮ ካያችሁት አትድከሙ፣ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ደረቅ መሬት

ዶፍ እየወረደ አቧራ የመሰለ አስፋልት! ይህ የተለመደ ነው። መሬቱን መርጣችሁ በ Multiply አጥቁሩት። ከዚያ ፎቶውን ኮፒ አድርጉ፣ ወደ ታች ገልብጡት፣ በ Motion Blur ወደ ላይና ወደ ታች አደብዝዙት፣ በ Screen ከ20 እስከ 30 በመቶ ኦፓሲቲ አስቀምጡት። ኮፒውን ሙሉውን አንዴ ገልብጦ መተው ግን አይሠራም። የባጃጁ ነጸብራቅ ከራሱ ጎማ ሥር፣ የሴትየዋም ከእግሯ ሥር መጀመር አለበት። እያንዳንዱን ለየብቻ ቆርጣችሁ ግጠሙ።

ጭጋጉን በ Screen መሥራት

ዝናብ ሲዘንብ ሩቁ ይደበዝዛል። ይህን ለማምጣት ነጭ ሌየር በ Screen የሚጨምሩ አሉ። Screen የሚያውቀው ማብራት ብቻ ነው፤ ጥቁሩን ያፈካል፣ ነጩን ደግሞ የባሰ ነጭ ያደርገዋል። እውነተኛ ጭጋግ ውስጥ ግን ነጩ አጥርም ብርሃኑን ያጣል። ሁሉም ነገር ሲርቅ የሚጠጋው ወደ አንድ ቀለም ነው፤ ወደ ዝቅተኛው ሰማይ ግራጫ። ስለዚህ ቀለሙን ከዚያው ከሰማዩ ግርጌ በ Eyedropper ውሰዱ፣ ሌየሩን Normal ላይ ተዉት፣ መጠኑን በማስክ ወስኑ። መጀመሪያዎቹ 50 ሜትሮች የነገሩን ግማሽ ከሸፈኑ፣ ቀጣዮቹ 50 ደግሞ ከቀረው ላይ ግማሹን ይሸፍናሉ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ማስኩን ከላይ ወደ ታች በግራዲየንት ብቻ አትሥሩት። ቅርብ ያለው ዛፍ አናቱ ፎቶው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል እንጂ ከግንዱ አይርቅም። ግራዲየንቱ ግን አናቱን በጭጋግ ይውጠዋል። ዛፎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ርቀታቸው መለየት ግድ ነው።

በነገራችን ላይ ከዚራ ላይ ከዚህ ቀላል ድብዘዛ አትለፉ። ድሬ ወፍራም ጉም ውስጥ ብትታይ የአገሩ ሰው ይስቅባችኋል። ጉም ካማራችሁ ወደ ሐረር በሚያወጣው መንገድ፣ ደንገጎ ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ ተጠቀሙ።

አንድ ሌየር ዝናብ፣ ያውም እንደ ጭረት የረዘመ

አሁን ዝናቡ። አዲስ ሌየር በጥቁር ሙሉ። Add Noise ጨምሩ፣ Gaussian እና Monochromatic ምረጡ። ሌየሩን በ Free Transform ወደ 400 በመቶ አሳድጉት፣ Motion Blur አድርጉበትና ብሌንድ ሞዱን Screen አድርጉ። እዚህ ጋ Screen ቦታው ነው፤ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ክሩ ይቀራል። ፎቶው በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ሌየሩ ውስጥ ግራጫ ቀርቷል ማለት ነው። በ Levels የጥቁሩን ጫፍ ወደ ቀኝ ግፉት።

የክሩ ርዝመት በስሜት አይወሰንም። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠብታ በሰከንድ 6 ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ካሜራው በ 1/60 ሰከንድ ቢያነሳ ኖሮ ጠብታው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር። ባጃጁ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ያህል ነው እንበል፣ ፎቶው ላይ ደግሞ 850 ፒክሰል ይዟል። ስለዚህ አንድ ሜትር 500 ፒክሰል ነው። ባጃጁ አጠገብ የሚወርድ ጠብታ 55 ፒክሰል ያህል ቢረዝም ነው። ብዙ ሰው ግን 300 ያደርገዋል። ሴትየዋ እግሯን አንስታ ጥርት ብላ ቆማ ዝናቡ 300 ፒክሰል ከረዘመ፣ ሁለቱ በአንድ ካሜራ አልተነሱም።

ለካሜራው ቅርብ የሆነው ጠብታ ረጅም ነው፣ ግን ፎከስ ውስጥ ስለማይገባ ሰፊና ፈዛዛ ይሆናል፤ ጥቂት ብቻ ይበቃል። ሩቁ አጭር፣ ቀጭንና ብዙ ነው። ቢያንስ ሦስት ሌየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሦስቱም በአንድ ነፋስ ስለሚወርዱ የ Motion Blur አንግላቸው ከሁለት ሦስት ዲግሪ በላይ አይለያይ።

ሰማዩ ላይ ዝናቡ አልታይ ሲል ኦፓሲቲ አትጨምሩ። ዝናብ የሚታየው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው፤ በዛፎቹና በባጃጁ ላይ ጎልቶ፣ ሰማዩ ላይ ጠፍቶ መታየቱ ትክክል ነው። Motion Blur ጠርዝ ላይ የሚተወውን የተዛባ ክር ደግሞ ሌየሩን ከፎቶው ትንሽ አስፍታችሁ ከፍሬም ውጭ አድርጉት።