አለቃ ኮሪደር ላይ «እንዴት ነው?» ሲሉ ሳይቆሙ መመለስ

አለቃችሁ ከኮሪደሩ ማዶ እየመጡ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ሲቀር «እሺ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይላሉ። ሁለታችሁም በተለመደው እርምጃ ከሄዳችሁ ለመተላለፍ የቀራችሁ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጥና ቆሞ ዘገባ ይጀምራል።

1. መጀመሪያ እግራቸውን እዩ። እርምጃቸው ካልቀነሰ፣ ትከሻቸውም ወደ እናንተ ካልዞረ ያሉት ሰላምታ ነው። ፍጥነታቸውን ከቀነሱ ወይም ከቆሙ ግን መልስ ፈልገዋልና እናንተም ቁሙ።

2. እርምጃችሁን አትቀይሩ። ቀና ብላችሁ ዓይናቸውን እዩ፣ ከመተላለፋችሁ በፊትም መልሱ። ካለፏችሁ በኋላ ከተናገራችሁ ድምፃችሁ ጀርባቸውን ይከተላል፤ እሳቸውም ለመዞር ይገደዳሉ።

3. መልሱ ሁለት ሦስት ቃል ይሁን። «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ወይም «ጥሩ እየሄደ ነው» ይበቃል። መጨረሻው ላይ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ብሎ ከቀረ የሚቀጥል ነገር ያለ ይመስላል። «ደህና ነው፣ ግን...» ያለ ሰው አለቃውን አስቁሟል። «ምንም አይልም»ን እየጎተቱ ማለትም እንደዚያው ነው፣ ሰሚው ችግር አለ ብሎ ያስባል። «እርስዎስ?» ማለት የምትችሉት ጊዜ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ «መልካም ቀን» ይሻላል፤ ንግግሩን ይዘጋዋል።

4. ከባዱ በእርግጥ ችግር ሲኖር ነው። ለምሳሌ ሪፖርቱ ዓርብ መድረስ አለበት፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ከሌላ ክፍል የምትጠብቁት መረጃ ግን አልመጣም። «ደህና ነው» ብላችሁ ካለፋችሁ ዓርብ ሲዘገይ ያቺ ቃል ትታወሳለች። ቆማችሁ ብትዘረዝሩ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ይሰማል፣ አለቃችሁም ምናልባት ወደ ስብሰባ እየሮጡ ነው። ስለዚህ እየተራመዳችሁ «የማማክርዎት አለ፣ አሁን እጽፍልዎታለሁ» በሉ። ይህ ትንሽ ስለሚረዝም አንገታችሁን ብቻ አዙራችሁ ጨርሱት፤ እግራችሁ አይቁም።

ከዚያ ወንበራችሁ ላይ እንደደረሳችሁ ጻፉ፦ «ለዓርቡ ሪፖርት የሚያስፈልገው መረጃ እስካሁን አልደረሰኝም። ነገ ጠዋት ካልመጣ ይዘገያል። ዛሬ ከሰዓት አሥር ደቂቃ ይኖርዎታል?» ይህን እርምጃ አትዝለሉት። «የማማክርዎት አለ» ተብለው ዝም ሲባሉ አለቃ የከፋውን መገመት ይጀምራሉ። እኔ በበኩሌ ለመጻፍ ጊዜ እንደሌለኝ ካወቅኩ ያንን ቃል ባልናገር እመርጣለሁ።

5. በዚያው ቀን ድጋሚ ከተገናኛችሁ ጥያቄውም መልሱም አይደገምም። ፈገግ ብሎ ራስን ነቅነቅ ማድረግ በቂ ነው። መልሱ ጉሮሯችሁ ላይ ቀርቶ ካለፏችሁም ተዉት፣ ከኋላ አትጥሩ። እሳቸው የኮሪደሩን ጫፍ ሳይደርሱ ረስተውታል።