ወርቅን ከአክሲዮንና ከቦንድ ጋር ሲያጣምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለወርቅ ከጠቅላላ ሀብት ምን ያህል ይመደብ ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚሰጠው መልስ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። አሜሪካዊው የኢንቨስትመንት ጸሐፊ ሃሪ ብራውን ያስተዋወቀው፣ ቋሚ ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሀብት አከፋፈል ግን 25 በመቶ ይመድባል። ቁጥሩን መምረጥ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያሉት አሃዞች በዶላር የተሰሉ የአሜሪካ ገበያ አሃዞች ሲሆኑ ተጠጋግተዋል።

ገንዘቡ ከየት እንደተነሣ አለማሰብ

ዋናው ስህተት ይህ ነው። 60 ሺህ ዶላር በአክሲዮን፣ 40 ሺህ ዶላር በቦንድ ያለው ሰው 10 ሺህ ዶላር ወርቅ ሊገዛ ቢፈልግ ከሁለቱ አንዱን መቀነስ አለበት። የሚያገኘው ጥቅምም በየትኛው ላይ እንደቀነሰ ይወሰናል።

በ2008 አክሲዮን 37 በመቶ ወረደ፣ ቦንድ 5 በመቶ፣ ወርቅ 4 በመቶ ጨመሩ። ወርቅ ያልነበረው ሰው 20,200 ዶላር ከሰረ። ቦንድ ሸጦ ወርቅ የገዛው 20,300 ከሰረ፤ ማለትም ወርቁ ምንም አልጠቀመውም፣ ምክንያቱም በዚያ ዓመት ቦንዱ ራሱ ያንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። ከአክሲዮኑ የቀነሰው ግን ኪሳራው 16,100 ላይ ቆመለት።

በ2022 ነገሩ ተለወጠ። የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ በፍጥነት ሲጨምር አክሲዮን 18፣ ቦንድ 13 በመቶ አብረው ወረዱ፤ ወርቅ ግን ባለበት ቆየ። ያለ ወርቅ 16,000 ዶላር የሚጠፋበት ሰው፣ ከቦንድ ቀንሶ ቢሆን 14,700፣ ከአክሲዮን ቀንሶ ቢሆን 14,200 ያጣ ነበር። ስለዚህ ከቦንድ መቀነስ የሚጠቅመው ሁለቱ አብረው በሚወርዱበት ዘመን ነው።

ከአክሲዮን ቀንሶ ወርቅ መያዝ ዋጋም ያስከፍላል። በ2013 አክሲዮን 32 በመቶ ሲያድግ ወርቅ 28፣ ቦንድ 2 በመቶ ወረዱ። ያለ ወርቅ 18,400 ዶላር የሚያተርፈው ፖርትፎሊዮ፣ ወርቁ በአክሲዮን ቦታ ከገባ 12,400 ብቻ ያተርፋል። ይህን ልዩነት አይቶ በዚያው ዓመት ወርቁን የሚሸጥ ሰው ከመጀመሪያውም 10 በመቶ ባይዝ ይሻለው ነበር።

ዜሮ ተዛምዶን እንደ ተቃራኒ ጉዞ መቁጠር

ተዛምዶ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ከ-1 እስከ 1 የሚለካ ቁጥር ነው፤ በረጅም ጊዜ የወርቅና የአክሲዮን ተዛምዶ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህ ማለት አክሲዮን ሲወርድ ወርቅ ይወጣል ማለት ሳይሆን፣ ከአክሲዮኑ ጉዞ ተነሥቶ የወርቁን መገመት አይቻልም ማለት ነው። በመጋቢት 2020 ወርቅ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ወርዷል። ተበድረው አክሲዮን የያዙ ሰዎች ዕዳቸውን ለመሸፈን ጥሬ ገንዘብ ሲፈልጉ በቀላሉ የሚሸጠውን ሸጡ፤ ከዚያም አንዱ ወርቅ ነበር። በነሐሴ ዋጋው ከ2,000 ዶላር አለፈ። ወርቁን ለአስቸኳይ ወጪ ያስቀመጠ ሰው ግን እስከ ነሐሴ መጠበቅ አይችልም።

የአንድ ዘመን ዝምድናን እንደ ሕግ መያዝ

ከ2022 በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ከዋጋ ንረት በላይ የሚገኘው የቦንድ ወለድ ሲጨምር ወርቅ ይወርድ ነበር። ወርቅ ወለድ ስለማይከፍል ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2022 ይህ ወለድ ለ10 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ከዜሮ በታች 1 በመቶ ገደማ ተነሥቶ ከዜሮ በላይ 1.5 በመቶ ደረሰ፤ ወርቅ ግን አልወረደም። ከ2022 እስከ 2024 ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ መግዛታቸው ትልቁ ምክንያት ይመስለናል፤ እነሱ የሚገዙት ወለዱን አይተው አይደለም።

ተዛምዶን በዋጋ ላይ ማስላት

ሁለት ነገሮች ለዓመታት ዋጋቸው ከጨመረ፣ በየወሩ ባይገናኙም የዋጋቸው ተዛምዶ ከፍ ብሎ ይታያል። መሰላት ያለበት በወርሃዊ ለውጥ ላይ ነው። በኤክሴል የወርቅ ዋጋን በB፣ የአክሲዮንን በC ዓምድ ካስገቡ በኋላ ለውጦቹን በE እና በF ያውጡ፤ ከዚያ የ36 ወር ተዛምዶውን አስልተው ቀመሩን ወደ ታች ይጎትቱ፦

```
E3:  =B3/B2-1
F3:  =C3/C2-1
G38: =CORREL(E3:E38,F3:F38)
```

ለአክሲዮን የትርፍ ድርሻን፣ ለቦንድ ወለድን የሚጨምር ኢንዴክስ ይጠቀሙ። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ ሳይርቅ በላይና በታች ሲመላለስ ካዩ ስሌቱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ በተደጋጋሚ ከ0.8 በላይ ወይም ከ-0.8 በታች ከሆነ ግን ምናልባት ለውጡን ትተው ዋጋውን አስገብተዋል።

ድርሻው ሲያብጥ ዝም ማለት

በ2024 መጀመሪያ አክሲዮን 50፣ ቦንድ 40፣ ወርቅ 10 በመቶ ብሎ ምንም ያልነካ ሰው፣ ወርቅ እጥፍ በሆነበት በጥቅምት 2025 የወርቅ ድርሻው ወደ 15 በመቶ ደርሷል። ዒላማው 10 ከሆነ ከ12.5 ሲያልፍ መሸጥ፣ ከ7.5 ሲያንስ መግዛት በቂ ነው። ጌጣጌጥን ግን በዚህ ድርሻ ውስጥ አይቁጠሩ፦ ሲገዙ የከፈሉት የእጅ ዋጋ ሲሸጡ አይመለስም፣ የሠርግ ሀብልንም ድርሻው 12.5 አለፈ ብሎ የሚሸጥ የለም።