«ካልዘነበስ?»፦ ትሩዝ ቴብል ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የፍሬሽማን ተማሪዎችን ሎጂክ አስጠናለሁ። የትሩዝ ቴብል ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚሄደው ብዙ ጊዜ «እና» ወይም «ወይም» ላይ አይደለም። እነሱን ተማሪው በቀላሉ ይሠራቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ቀስቷ ስትመጣ ነው፤ p → q። ጥያቄው መጨረሻ ላይ «ይህ ፎርሙላ ታውቶሎጂ ነው ወይስ አይደለም?» ካለ ደግሞ አንዲት የተሳሳተች ፊደል መልሱን በሙሉ ትገለብጠዋለች። ስለዚህ ዛሬ ቀስቷ ላይ ብቻ እንቆይ።

ምሳሌውን ከቡና ማድረቂያ አልጋ እንውሰድ። p «ዝናብ ዘነበ» ይሁን። q «አልጋው ላይ ያለው ቡና ተሸፈነ» ይሁን። p → q ማለት እንግዲህ «ዝናብ ከዘነበ ቡናው ይሸፈናል» ነው። T እውነት፣ F ሐሰት።

ስህተት 1፦ p ሐሰት የሆነባቸውን ረድፎች F ማድረግ ወይም ባዶ መተው

ትክክለኛው ሰንጠረዥ ይህ ነው፦

```
p  q  p→q
T  T   T
T  F   F
F  T   T
F  F   T
```

ተማሪዎች የሚሳሳቱት ታች ባሉት ሁለት ረድፎች ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ F ይጽፋሉ፤ አራተኛው ላይ አንዳንዴ ሰረዝ አድርገው ያልፋሉ። አንዷ ተማሪ ሰረዟን እያሳየችኝ «ቲቸር፣ ካልዘነበስ? ካልዘነበ እኮ ዓረፍተ ነገሩ ስለዚያ ቀን ምንም አላለም። ምንም ያላለ ነገር እንዴት እውነት ይሆናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ሕጉ ነው፣ ሸምድጂው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

አልጋው ላይ የሚሠራው ልጅ ጠዋት ለባለቡናው «ዝናብ ከዘነበ ቡናውን እሸፍናለሁ» ብሎ ቃል ገባ እንበል። ማታ ባለቡናው መጣ። ልጁን «ቃልህን አፍርሰሃል» ሊለው የሚችለው መቼ ነው? ዘንቦ ቡናው ሳይሸፈን ከቀረ ብቻ። ሳይዘንብ ቡናው ቢሸፈንስ? ይህ እኮ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። የታጠበ ቡና ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታበት ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፤ ማታም ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈናል። ልጁ ለፀሐይ ብሎ ስለሸፈነ ስለ ዝናብ የገባው ቃል አልፈረሰም። ሳይዘንብ፣ ሳይሸፈንም ከቀረም አልፈረሰም።

«እሺ አልፈረሰም፤ ግን ስላልፈረሰ ብቻ T ይባላል?» ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። በዚህ ሎጂክ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ወይ T ወይ F መሆን አለበት። ሰረዝ የሚባል ዋጋ የለም። ላይኞቹ ሁለት ረድፎች T እና F መሆናቸው ላይ ማንም አይከራከርም። ለታችኞቹ ሁለት የቀረን ምርጫ አራት ብቻ ነው። ሁለቱንም F ካደረግናቸው ዓምዱ T F F F ይሆናል፤ ይህ p ∧ q ነው፣ ማለትም «ዘነበም፣ ተሸፈነም»። F እና T ካደረግናቸው T F F T ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ባለሁለት አቅጣጫው ቀስት p ↔ q ነው። T እና F ካደረግናቸው T F T F ይወጣል፤ ይህ q ራሱ ነው፣ p ምንም ሥራ የለውም። «ከዘነበ ይሸፈናል» ከሦስቱም የተለየ ነገር ነው የሚናገረው። የቀረው T F T T ብቻ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፊሎ የተባለው የሜጋራ ፈላስፋ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ ተናግሯል፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሐሰት የሚሆነው በእውነት ጀምሮ በሐሰት ሲያልቅ ብቻ ነው አለ።

ስህተት 2፦ «ትክክል ይመስላል» ብሎ ታውቶሎጂ ማለት

ታውቶሎጂ ማለት በእያንዳንዱ ረድፍ T የሚሆን ፎርሙላ ነው። ፈተና ላይ የሚወደደው ወጥመድ ይሄ ነው፦ ((p → q) ∧ q) → p። በእኛ ቋንቋ «ከዘነበ ይሸፈናል፤ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ ዘንቧል»። ለጆሮ ደህና ነው። እንሥራው፦

```
p  q  p→q  (p→q)∧q  ((p→q)∧q)→p
T  T   T      T          T
T  F   F      F          T
F  T   T      T          F
F  F   T      F          T
```

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፎርሙላው ወደቀ። ዝናብ የለም፣ ቡናው ግን ተሸፍኗል። የቀትር ፀሐዩ ነዋ! ከቀስቱ በፊት ያለው በሙሉ እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት ነው። ታውቶሎጂ አይደለም።

አሁን ስህተት 1ን የሠራው ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ልብ በሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ p→q ን F አደረገው እንበል። ከዚያ (p→q)∧q ም F ይሆናል። ከዚያ የመጨረሻው F→F ነው፤ ሕጉን እዚህ ላይ አስታውሶ T ይጽፋል። ዓምዱ በሙሉ T ሆነ፤ «ታውቶሎጂ ነው» ብሎ ወረቀቱን ይሰጣል። አንዲት ፊደል ናት የተሳሳተችው። መልሱ ግን ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ስለዚህ የመጨረሻው ዓምድ በሙሉ T ሲወጣላችሁ ወዲያው አትደሰቱ። p F የሆነባቸውን ረድፎች ተመልሳችሁ እዩ።

ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው ((p → q) ∧ ¬q) → ¬p ግን እውነትም ታውቶሎጂ ነው። «ከዘነበ ይሸፈናል፤ አልተሸፈነም፤ ስለዚህ አልዘነበም»። ከዋናው ቀስት በፊት ያለው T የሚሆነው በመጨረሻው ረድፍ ብቻ ነው፤ p ም q ም F ሲሆኑ። እዚያ ረድፍ ላይ ደግሞ ¬p T ነው። ፎርሙላው የሚወድቅበት ቦታ የለውም። ሁለቱን ፎርሙላዎች በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ወዲያው ይለያቸዋል።

ስህተት 3፦ «አብዛኛው T ስለሆነ»

ከአራት ሦስት T ታውቶሎጂ አያሰኝም። ባለሦስት ፊደል ፎርሙላ ላይ ከስምንት ሰባት T ቢወጣም ያው ነው፤ አንድ F በቂ ነው። በሌላ በኩል «ታውቶሎጂ ካልሆነ ኮንትራዲክሽን ነው» የሚሉም አሉ። ኮንትራዲክሽን የሚባለው ዓምዱ በሙሉ F ሲሆን ነው። የስህተት 2 ወጥመዳችን ((p → q) ∧ q) → p ግን T ም F ም አሉበት፤ እንዲህ ያለው ኮንቲንጀንት ይባላል።

ረድፍ መዝለልም እዚሁ ይጎዳል። የዘለላችኋት ረድፍ F ያለባት ልትሆን ትችላለች። ለሁለት ፊደል 4፣ ለሦስት 8፣ ለአራት 16 ረድፍ ያስፈልጋል። ሦስት ፊደል ከሆነ የመጀመሪያውን ዓምድ አራት T አራት F፣ ሁለተኛውን ሁለት ሁለት፣ ሦስተኛውን አንድ አንድ እያፈራረቃችሁ ሙሉት። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ረድፍ አይደገምም፣ አይጠፋምም።

ስህተት 4፦ ቅንፍን መናቅ

¬(p → q) ሲመጣ ብዙዎች ¬ን ወደ ውስጥ አስገብተው p → ¬q ወይም ¬p → ¬q ይጽፋሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የ p → q ዓምድ T F T T ነበር፤ ሲገለበጥ F T F F ይሆናል። አንድ ረድፍ ላይ ብቻ T ነው፤ ዘንቦ ሳይሸፈን ሲቀር። ይህ p ∧ ¬q ነው። የልጁ ቃል ፈረሰ ማለት እኮ «ዘነበ፣ ግን አልተሸፈነም» ማለት ነው። p → ¬q ዓምዱ F T T T ነው፤ ¬p → ¬q ደግሞ T T F T። አንዳቸውም አይገጥሙም።

ሁለት ቀስት ሲደረደርም እንዲሁ ነው። (p → q) → r እና p → (q → r) አንድ አይደሉም። p እና r ሁለቱም F ሲሆኑ ተመልከቱ። በመጀመሪያው p→q T ይሆናል፣ ከዚያ T→F፣ ውጤቱ F። በሁለተኛው p F ስለሆነ በሙሉ T ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅንፍ የራሱን ዓምድ ስጡ፤ ከውስጥ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ውጡ።

ስህተት 5፦ አቋራጩን ያለ ቦታው መጠቀም

ስምንት ረድፍ ሳይሠሩ ታውቶሎጂን የማረጋገጫ አቋራጭ አለ። ፎርሙላው F የሚሆንበትን ረድፍ ሆን ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ((p → q) ∧ (q → r)) → (p → r) ላይ እንሞክረው። ዋናው ቀስት F እንዲሆን ግራው T፣ ቀኙ F መሆን አለበት። p → r F ከሆነ p T ነው፣ r F ነው። ግራው T ስለሆነ p → q T ነው፤ p T ስለሆነ q የግድ T ይሆናል። q → r ም T መሆን አለበት፤ r F ስለሆነ q የግድ F ይሆናል። q በአንድ ጊዜ T እና F መሆን አይችልም። F የሚሰጥ ረድፍ የለም፤ ፎርሙላው ታውቶሎጂ ነው።

ይህ የሚያምረው ዋናው አያያዥ ቀስት ሲሆን ነው፤ ቀስት F የሚሆንበት መንገድ አንድ ብቻ ነውና። ዋናው አያያዥ ∧ ከሆነ F የሚሆንባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ ↔ ከሆነ ሁለት። አንዱን መንገድ ብቻ ሞክሮ ስላልሠራ «ታውቶሎጂ ነው» ማለት ስህተት ነው። ሁሉንም መዝጋት አለባችሁ፤ ያ ካሰለቻችሁ ሙሉውን ሰንጠረዥ መሥራት ይሻላል።

አቋራጩ የሚያበራበትን አንድ ፎርሙላ ልስጣችሁ፦ ((p → q) → p) → p። ቻርልስ ፐርስ በ1885 ያሳተመው ስለሆነ በስሙ የፐርስ ሕግ ይባላል። ሲያዩት ታውቶሎጂ አይመስልም። F እንዲሆን p F፣ (p → q) → p ደግሞ T መሆን አለበት። ግን p F ከሆነ p → q T ነው፤ q ምንም ይሁን ምን። ያኔ (p → q) → p ማለት T→F ነው፤ F። T መሆን ነበረበት፣ አልሆነም። የሚወድቅበት ረድፍ የለም።