ከፎቅ ወደ ፎቅ ኬብል ሲዘረጋ የሚሠሩ ስህተቶች፣ ፓወርላይን የሚበቃበትም ጊዜ

ራውተሩ ታች ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሚሠሩበት ክፍል ደግሞ ላይኛው ፎቅ። መሃል ላይ ፌሮ የተሞላ የኮንክሪት ሶሌታ አለ። ዋይፋዩ እሱን አልፎ ላይ ሲደርስ አቅም የለውም። ለዚህ ችግር እስካሁን ካየሁት ሁሉ ርካሹ መፍትሔ አንድ የኔትወርክ ኬብል አውጥቶ ላይኛው ፎቅ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ መትከል ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሆኖም ያው ሥራ በትንንሽ ስህተቶች ምክንያት ሁለቴ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቅርቡን፣ የአንዲት ጓደኛዬን ቤት ምሳሌ እያደረግኩ ልንገራችሁ። ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦ የሚያስኬደው ፓወርላይን መቼ እንደሚበቃም መጨረሻ ላይ አነሳለሁ።

ርቀቱን በዓይን መገመት

የጓደኛዬ ጠረጴዛ ከራውተሩ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ "አሥር ሜትር ይበቃል" ብላ ነበር። ኬብል ግን በሶሌታ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ሶሌታ መብሳት ፌሮ ያጋጥማል፤ የውሃ ቧንቧ ወይም የመብራት ቱቦም ሊያገኝ ይችላል። እኛ የመረጥነው በደረጃው በኩል ነው። ስንለካው ከራውተሩ እስከ ደረጃው ጥግ 4 ሜትር፣ በደረጃው ግድግዳ ወደ ላይ 3.5፣ በኮሪደሩ 6፣ የበር ፍሬሞቹን ለመዞር 3፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው 2 ሜትር ሆነ። በድምሩ 18.5 ሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ ሜትር ተኩል ትርፍ ሲጨመር 21.5 ይደርሳል። 25 ሜትር ገዛን።

ርዝመቱ ራሱ አያስጨንቅም። የዚህ ዓይነት ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። የሚጎዳው መሃል ላይ መቀጠል ነውና አጭር ገዝቶ ከመቀጠል ረጅም ገዝቶ መቁረጥ ይሻላል።

ግድግዳ የሚበሱ ከሆነ ደግሞ ኬብሉን ጫፉ ሳይታሰር ያሳልፉት። ባዶ ኬብል በ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል። ፕላስቲክ ጫፉ የታሰረበት ግን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ጫፉን በኋላ ማሰር ግድግዳውን ከማቁሰል ያድናል።

በመብራት ቱቦ ውስጥ አብሮ ማሳለፍ

ይህ በጣም የሚያጓጓ ስህተት ነው፤ ቱቦው ተዘጋጅቶ ከፎቅ ወደ ፎቅ ወጥቷልና። እባክዎ አያድርጉት። የኔትወርክ ኬብል ልባስ ለመብራት ኃይል ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሲጎተት የአንዱ ልባስ ቢላጥ የመብራቱ ኃይል በኬብሉ አድርጎ እስከ ኮምፒውተርዎ፣ እስከ እጅዎም ሊደርስ ይችላል። ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን መሄድ ግድ ሲሆን አንድ ስንዝር ያህል ያራርቁት። መሻገር ካለበት እንደ መስቀል አቋርጦ ይለፍ።

ከውጭ በኩል በግድግዳው ለማውጣት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። የቤት ውስጥ ኬብል ፀሐይ ላይ ሲውል ልባሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለውጭ የተሠራውን ይግዙ። ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ በታችም ትንሽ አንጠልጥለው ያጥፉት፤ የዝናቡ ውሃ በኬብሉ እየተንሸራተተ ከመግባት ይልቅ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል።

መዳብ መስሎ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል

በጣም ርካሽ ከሆኑት ኬብሎች ውስጥ ብዙዎቹ ውስጣቸው አሉሚኒየም ነው፤ መዳቡ ከላይ የተቀባ ብቻ ነው። ለጊዜው ይሠራል። ከዚያ ጫፉ ላይ፣ ሲታጠፍም ሊሰበር ይችላል። ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈውም ከመዳብ በታች ነው። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንዱን ክር በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ ነጭ ብር መስሎ ከታየ አሉሚኒየም ነው፤ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። አሉሚኒየሙ በእጅ ሲመዘንም ቀለል ይላል።

ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ በሰከንድ አንድ ጊጋ ቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ቢገኝም ጥሩ ነው። ከፎቅ ወደ ፎቅ ለሚዘረጋው ግን "ድፍን" የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ክር አንድ ወፍራም መዳብ የሆነውን ይምረጡ። በጣም ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበት ለስላሳው ኬብል ከግድግዳ እስከ ኮምፒውተር ላለው አጭር መስመር ነው የሚሆነው።

የቀለሙን ቅደም ተከተል እንደመሰለ ማሰር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስህተቱ ራሱን ስለሚደብቅም ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ኬብሉ ውስጥ 8 ክሮች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠምዝዘዋል። መጠምዘዛቸው ለውበት አይደለም። በጥንድ የሚሄድ ምልክት ከጎኑ ያለውን ረብሻ የሚያጠፋው በጥምዝነቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጥንድ አብሮ መቆየት አለበት። የተለመደው አሰላለፍ ከ1 እስከ 8 እንዲህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው መሃል ተከፍሎ 3ኛና 6ኛ ላይ መቀመጡን ልብ ይበሉ።

ሰው ግን በራሱ ስሜት ጥንድ ጥንዱን በተርታ ይደረድራል። በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ካደረገው የኬብል መመርመሪያው ቴስተር ስምንቱንም መብራት ያበራለታል። "ጥሩ ነው" ይላል። ኔትወርኩ ግን ይቆራረጣል ወይም ይዘገያል። ምክንያቱም 3ኛውና 6ኛው ክር ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ናቸው። ርካሽ ቴስተር የሚመረምረው ክሩ መድረሱን ብቻ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጠመዘዘ አያውቅም። ጥምዙንም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ። ከሚገባው በላይ የተፈታ ጫፍ ያንኑ ችግር በትንሹ ይፈጥራል።

የጓደኛዬ ቤት ላይ የገጠመን ከዚህ ይለያል። ቀለሙ ትክክል ነበር፤ ኢንተርኔቱም ሠራ። ስንለካ ግን ከ94 ሜጋ ቢት አልበለጠም። ይህ ቁጥር ለእኔ ምልክት ነው፤ መስመሩ በ100 እየሠራ መሆኑን ይነግራል። ዊንዶውስ ላይ የፓወርሼል መስኮት ከፍተን ይህን ጻፍን፦

```
Get-NetAdapter
```

ሊኑክስ ለሚጠቀም ደግሞ፦

```
ethtool eth0
```

(የካርዱ ስም እንደየኮምፒውተሩ ይለያያል።) የዊንዶውሱ የፍጥነት ዓምድ ላይ 100 Mbps ይላል። 1 Gbps ነበር መሆን የነበረበት። ለ100 ሜጋ ቢት የሚያስፈልጉት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ ክሮች ብቻ ናቸው። ለጊጋ ቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንዱ ክር ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው። ቴስተሩ 7ኛውን አላበራም። ያንን ጫፍ ቆርጠን እንደገና አሰርነው፤ 1 Gbps አለ። ከዚያ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለውን ፍጥነት በሚለካው iperf3 በሚባል ፕሮግራም ስንሞክር ወደ 940 ሜጋ ቢት አሳየን፤ ከጊጋ ቢት መስመር በተግባር የሚገኘውም ይኸው ነው።

ኢንተርኔቱ መክፈቱን ብቻ አይቶ መተው ራሱ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ላይኛውን ራውተር እንደ ራውተር ማስገባት

አሮጌ ራውተር ላይ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። "አክሰስ ፖይንት" የሚል ምርጫ ካለው እሱን ያብሩ። ከሌለው አድራሻ ማደያውን (ዲኤችሲፒውን) ያጥፉ፤ የራሱን አድራሻ ከታችኛው ራውተር የተለየ ያድርጉት። ኬብሉንም ኢንተርኔት ተብሎ ከተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከተራዎቹ አንዱ ላይ ይሰኩት። ይህ ካልተደረገ ላይ ያለው ስልክ ታች ያለውን ማተሚያ አያገኘውም።

ፓወርላይንን ከሳጥኑ ላይ ባለው ቁጥር ማመን

ፓወርላይን አዳፕተር ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦው ላይ ያስኬደዋል። አንዱን ታች ከራውተሩ አጠገብ ሶኬት ላይ፣ ሌላውን ላይ ይሰካሉ። ሳጥኑ ላይ 600 ወይም 1200 ተጽፎ ያያሉ። ያ በጥሩ ሁኔታ ላይ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ ገና ሳይባክን የሚቆጠር ነው። በቤት ውስጥ የሚገኘው የዚያ ትንሽ ክፋይ ነው። አንዳንዶቹ 500 እና 600 ተብሎ የተጻፈባቸው ደግሞ የኬብል ቀዳዳቸው 100 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። ቢፈልጉም ከዚያ አያልፉም።

ኬብሉን ከመዘርጋታችን በፊት ጓደኛዬ 1000 ተብሎ የተጻፈበት ጥንድ ተውሳ ነበር። ቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ሲሰካ 85 ሜጋ ቢት ሰጠን። ኤክስቴንሽን ላይ ሲሰካ 30 ሆነ። የላፕቶፕ ቻርጀር አጠገቡ ሲሰካ የባሰ ወረደ። መብረቅ መከላከያ ያለው ኤክስቴንሽን ጭራሽ ምልክቱን ሊበላው ይችላል፤ እንዲያ ዓይነቱ የሚሠራው ረብሻ እንዲያጠፋ ነውና የአዳፕተሩ ምልክት ለእሱ ረብሻ ነው። ስለዚህ አዳፕተሩ ግድግዳው ላይ፣ ኤክስቴንሽኑ ሌላ ሶኬት ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ የመብራቱ አሠራር ነው። ሁለቱ ፎቆች በተለያየ ቆጣሪ ከሆኑ ተስፋ አያድርጉ። ቤቱ ሦስት ፌዝ ገብቶለት ታችኛው ሶኬት በአንዱ፣ ላይኛው በሌላው ፌዝ ላይ ከሆነም ግንኙነቱ ደካማ ይሆናል ወይም አይገናኝም። በዓይን ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል ሁለት ሦስት የተለያዩ ሶኬቶች ላይ መሞከር ነው። አንዱ ሶኬት 80 ሰጥቶ ጎረቤቱ 10 ከሰጠ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ መቼ ይበቃል? ቤቱ የኪራይ ሆኖ መብሳት ሲከለከል፣ ቆጣሪው አንድ ሲሆን፣ የኢንተርኔት ጥቅሉም 50 ሜጋ ቢት ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ፓወርላይን ተገቢ ምትክ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቪዲዮ ጥሪ፣ ፊልም ለማየት፣ ለተለመደ ሥራ ይበቃል። ትልልቅ ፋይሎችን በቤት ውስጥ ለሚያዘዋውር ወይም ከፍተኛ ጥቅል ለገዛ ግን ኬብሉን ነው የምመክረው። ሞተር ያለው የቤት ዕቃ ሲነሳ የፓወርላይኑ ፍጥነት ሊዋዥቅ እንደሚችል ማወቅም ተገቢ ነው።

ገዝተው ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ይሞክሩት። ማታ፣ ሁሉም ዕቃ በርቶ ሳለ፣ ታች ባለ ኮምፒውተር iperf3 -s ብለው ላይኛው ላይ ለአንድ ደቂቃ ይለኩ፦

```
iperf3 -c 192.168.1.10 -t 60
iperf3 -c 192.168.1.10 -t 60 -R
```

አድራሻውን በታችኛው ኮምፒውተር አድራሻ ይተኩት። ሁለተኛው መስመር በተቃራኒ አቅጣጫ ይለካል፤ ፓወርላይን በአንድ በኩል ጥሩ ሆኖ በሌላው የሚደክምበት ጊዜ አለ። በሁለቱም በኩል ከጥቅልዎ በላይ ከሰጠ እሱኑ ይጠቀሙበት። ከዚያ ሁለቱን አዳፕተሮች የማጣመሪያ ቁልፋቸውን ተጭነው አዲስ የምስጢር ቁልፍ ይስጧቸው። ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ቁልፍ በብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በአንድ መስመር ላይ ያለ ጎረቤት ተመሳሳይ አዳፕተር ካለው የእርስዎ ኔትወርክ ውስጥ ሊገባ ይችላል።