«አልተሳካም» ያልነው ክፍያ ተሳክቶ ነበር

ደሴ ላይ የአውቶብስ ትኬት መቁረጫ መተግበሪያ የጀመርን ሰሞን አንዲት እናት ከሐይቅ ደወሉልን። «ልጄ፣ የያዝኩት አንድ ወንበር ነው፤ ብሩ ግን ሁለቴ ተቆረጠብኝ።» ዋጋው 900፣ የወጣባቸው 1,800 ብር። መዝገባችን ግን የመጀመሪያውን ክፍያ «አልተሳካም» ይለዋል።

መልስ መዘግየቱን እንደ አለመሳካት መቁጠር

ጥፋቱ የኛው ነበር። 30 ሰከንድ ጠብቀን ከክፍያ አገልግሎቱ መልስ ስናጣ ትዕዛዙን ሰርዘን «እንደገና ይሞክሩ» እንል ነበር። እሳቸው የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገብተው ብሩ ወጥቷል፤ የዘገየው ማረጋገጫው ብቻ ነው። ቁልፉን ደግመው ሲነኩት አዲስ የትዕዛዝ ቁጥር ሰጠናቸው። በአዲስ ቁጥር የመጣን ጥያቄ የክፍያ አገልግሎቱ ሌላ ግዢ ነው ብሎ ያስተናግደዋል፤ ምን ያድርግ?

አሁን «ተከፍሏል» እና «አልተሳካም» ከሚሉት ሌላ «አልታወቀም» የሚል ሁኔታ አለን። ትዕዛዙ እዚያ ሲገባ የድጋሚ ቁልፉ ይደበቃል፣ ወንበሩ ይያዛል፣ ሰርቨራችንም በዚያው የትዕዛዝ ቁጥር ክፍያው የት እንደደረሰ እየደጋገመ ይጠይቃል። አዲስ ክፍያ የምንከፍተው አገልግሎቱ ራሱ ተሰርዟል ወይም ጊዜው አልፏል ሲል ብቻ ነው።

ኮልባክ አንዴ ብቻ ይመጣል ብሎ ማመን

ኮልባክ የክፍያ አገልግሎቱ ወደ ሰርቨራችሁ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ሰርቨራችሁ ቶሎ «ደርሶኛል» የሚለውን 200 ካልመለሰ ያው ማረጋገጫ ተደግሞ ሊላክ ይችላል። እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት ለተሳፋሪው ኤስኤምኤስ እንልክ ስለነበር እንዘገይ ነበር፤ ትኬቱም ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። «ቀድሞ ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ አይቶ መጻፍም አያድንም፤ ሁለቱ እኩል ከደረሱ ሁለቱም «አልተመዘገበም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል፦

```sql
INSERT INTO payments (txn_id, order_id, amount)
VALUES ($1, $2, $3)
ON CONFLICT (txn_id) DO NOTHING;
```

`txn_id` የክፍያ አገልግሎቱ ለክፍያው የሰጠው ቁጥር ነው፤ እሱ ላይ `UNIQUE` መኖር አለበት። ረድፍ ካልገባ ድግግሞሽ ነውና 200 መልሳችሁ ተዉት። ረድፍ ገብቶ ትዕዛዙ ግን አስቀድሞ የተከፈለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰውየው በእርግጥ ሁለቴ ከፍሏል፣ ወደ ተመላሽ ዝርዝር ይግባ። ምዝገባውና የትዕዛዙ ለውጥ በአንድ ትራንዛክሽን ይሁኑ፤ ኤስኤምኤሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደንበኛው ከፍሎ የሚመለስበትን ገጽ ማመን

የዚያን ገጽ አድራሻ ማንም በእጁ ሊጽፈው ስለሚችል ትኬት አይቆረጥበትም። ኮልባኩም ቢሆን ፊርማው ይረጋገጥ፣ የብሩ መጠንም ከትዕዛዙ ጋር ይመሳከር።

ተመላሹን በችኮላ መላክ

የሐይቋን እናት 900 ብር ስንመልስም መልሱ ዘገየ። ባልደረባዬ ደግሞ ሊልክ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ሁኔታውን ስንጠይቅ ግን የመጀመሪያው ተመላሽ ደርሷቸው ነበር።