ለማታውቁት ደንበኛ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት ሥራውን እንዴት እንደምታጠኑ

ሥራዬ ድምፅ ኤዲት ማድረግ ነው። ፖድካስት ለሚያዘጋጁ ሰዎች «ኤዲቱን እኔ ልሥራላችሁ?» እያልኩ እጽፋለሁ። ድሮ በቀን ሃያም ሠላሳም ኢሜይል እልክ ነበር፣ ስሙን ብቻ እየቀየርኩ። መልስ የሚባል ነገር የለም። አሁን በሳምንት ለአምስት ሰው ብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሰውዬውን ሥራ ሰብስቡ። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ መፈለግ ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው፦

```
site:example.org "የሰውዬው ስም"
```

ስመ ሞክሼ እንዳይሆንባችሁ ፎቶውን ወይም የሚሠራበትን ቦታ አመሳክሩ።

ቀጥሎ ማን ምን እንደሠራ አረጋግጡ። አቅራቢው ኤዲተሩ ላይሆን ይችላል። የክፍሉ መግለጫ ላይ ወይም መጨረሻው ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ይጠራል። ብዙ ሰው እሱ ጋ ሳይደርስ ያጠፋዋል። ቀኑንም እዩ። እኔ በዚህ ተዋርጃለሁ። የአንድ አዘጋጅ አንድ አሮጌ ክፍል ብቻ ሰምቼ «የመግቢያ ሙዚቃችሁ ልዩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ «እሱን ከቀየርነው ቆየን፤ እኔም ወድጄው አላውቅም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ክፍል እሰማለሁ፦ አንድ የቆየ፣ አንድ የቅርብ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ነገር ሰውዬው አሁን ምን እያሰበ እንደሆነ ይነግራችኋል።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የሚያደንቀውን ነገር ነው። አድናቆት ግን ለማንም ይጻፋል። የሚፈለገው ሰውዬው ሌላ አማራጭ እያለው አንዱን የመረጠበት ቦታ ነው፤ እናንተም በራሳችሁ ሥራ ላይ ያው ምርጫ ገጥሟችሁ ሲያውቅ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ስለ ድልድይ ግንባታ የሚያወራ ፖድካስት አዘጋጅ ነበር። የቆዩት ክፍሎች ላይ እያንዳንዱ ትንፋሽ ተቆርጧል፤ ሰዎቹ እየተሽቀዳደሙ የሚያወሩ ይመስላሉ። የቅርቡን ስሰማ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ስለ ፈረሰ ድልድይ ተጠየቁ። ዝም አሉ። ቆጠርኩት፣ ሰባት ሰከንድ። ማንኛውም ኤዲተር አንድ ሰከንድ ትቶ ሌላውን ይቆርጠው ነበር። አዘጋጁ ግን አልነካውም።

መልሼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ዝምታው ባዶ አልነበረም። ከሥር የተቀረጸበት ክፍል የራሱ ድምፅ ይሰማል፣ ያቺ ቀጭን እሽታ። እሱን አጥፍታችሁ ፍጹም ጸጥ ካደረጋችሁት ሰሚው ስልኩ የተቋረጠበት ይመስለዋል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ዝምታውን ባዶ አድርጌ ደንበኛዬ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ሲመልስልኝ ነው። እንግዲህ የምንገናኝበት ነጥብ ይህ ነው። የጻፍኩትም እንዲህ ነበር፦

«መሐንዲሱ ሰባት ሰከንድ ዝም ሲሉ አልቆረጣችሁትም፤ የክፍሉም ድምፅ አልጠፋም። እኔ በአንድ ሥራ ላይ አጥፍቼው ደንበኛዬ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ነበር። የክፍሉን ድምፅ ለብቻ ቀድታችሁ ነው ወይስ የቀረጻው የራሱ ነው?»

ልብ በሉ፣ «በጣም ደስ ይላል» የሚል ቃል የለበትም። ጥያቄውም መልሱን ስለማላውቀው የጠየቅኩት ነው። መልሱን እያወቃችሁ አትጠይቁ፤ ያስታውቃል።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ስሙን አውጡና የሌላ አዘጋጅ ስም አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ልክ ከሆነ ነጥቡን አላገኛችሁም፣ ተመልሳችሁ አዳምጡ። «ይዘታችሁ ጥልቅ ነው» ይህን ፈተና ፈጽሞ አያልፍም።

ገደብም አለው። ለሕዝብ ካወጣው ሥራ ውጭ አትሂዱ። የልጁን የልደት ፎቶ አይታችሁ «እንኳን ደስ አለህ» ማለት መቀራረብ አይደለም፤ ሰውዬው «እየተከታተሉኝ ነው» ነው የሚለው። ያያችሁትንም ሁሉ አትዘርዝሩ። አምስት ክፍል ብትሰሙም የምትጽፉት ስለ አንዷ ነው።

ከዚያ ጥያቄያችሁን በግልጽ አስቀምጡ። የምትሠሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሥራችሁን ናሙና በአንድ ሊንክ። የኤዲተር ስም ተጠርቶ ከሆነ «ሥራ ሲበዛባችሁ ላግዝ» በሉ እንጂ ሰውዬውን ለማስነሳት አትሞክሩ።

አንዳንዴ ሰዓት ሙሉ ሰምታችሁ ምንም አታገኙም። ያኔ አትፍጠሩ። ወይ ተዉት፣ ወይ ያለ ምንም መግቢያ «ድምፅ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ናሙናዬ ይኸው» ብላችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። እኔ እንዲህ የጻፍኩላቸው መልሰውልኝ ያውቃሉ። የሙዚቃውን አድናቆት የላኩለት ሰውዬ ግን ሁለተኛ አልመለሰልኝም።