ሊነን፣ ሄምፕና ራሚ፦ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚፈትኑ፣ ከገዙ በኋላ እንዴት እንደሚያለሰልሱ

ሊነን፣ ሄምፕና ራሚ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ይመሳሰላሉ። ሦስቱም ሲነኩ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ሲጨበጡ ይጨማደዳሉ፣ አዲስ ሲሆኑ ደግሞ ይሻክራሉ። ሻጩም «ሲታጠብ ይለሰልሳል» ብሎ ይሸጣቸዋል። ይህ አባባል ለሊነን እውነት ነው፤ ለሄምፕም እውነት ነው፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ራሚ ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ በሽሮ ሜዳ ወይም በቡራዩ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ወይም ለቤቱ አንሶላ የሚገዛ ሰው፣ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከሙጫው ነው። ሊነን የሚሠራበት የተልባ ቃጫና የሄምፕ ቃጫ ከግንዱ ልጥ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቃጫ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቀጫጭን ህዋሳት በሙጫ ተጣብቀው የሠሩት ጥቅል ነው። ክሩ የሚፈተለው ከእነዚህ ጥቅሎች ነው። ጨርቁ በታጠበ፣ በታሸና በተጣጠፈ ቁጥር ሙጫው በጥቂቱ እየሟሸሸ ይወጣል፤ ጥቅሉም ይሰነጠቃል። አንድ የነበረው ወፍራም ቃጫ ብዙ ቀጭን ይሆናል፤ እጃችን «ለሰለሰ» የሚለውም ይህንኑ ነው። ሄምፕ ውስጥ ሊግኒን የሚባለው እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ነገር ከሊነን ይልቅ በርከት ይላል። ሊግኒን በሳሙናና በውሃ በቀላሉ ስለማይለቅ ሄምፕ ይዘገያል።

ራሚ ከሳማ ጋር የሚዛመድ፣ የማይለበልብ ተክል ነው። ጥሬው ቃጫ በጣም ብዙ ሙጫ ስላለበት ፋብሪካው በኮስቲክ ሶዳ ቀቅሎ ካላስለቀቀው በስተቀር አይፈተልም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሙጫው አልቋል፣ እያንዳንዱም ህዋስ ለብቻው ቆሟል። አንዱ ህዋስ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱም የተልባው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሚሰነጠቅ ጥቅል የለም። የራሚ ሻካራነት የህዋሱ የራሱ ውፍረት ስለሆነ በእጥበት አይቀጥንም። ከክሩ የሚወጡት ጫፎች ደንደን ያሉ ስለሆኑ አንገትና ክንድ ላይ ይዋጋሉ፤ በተለይ ቃጫው አጥሮ ተቆርጦ ከተፈተለ ጨርቁ ጸጉራም ይሆናል።

በሱሉልታና በሰንዳፋ ማሳዎች ላይ የሚታየው ተልባ ከሊነኑ ተክል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ የእኛው ለፍሬና ለዘይት የተመረጠ፣ አጭርና ቅርንጫፋም ነው። ለሊነን የሚዘራው ረጅምና ቅርንጫፍ አልባ ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል።

ናሙናውን መመዘን

ከእያንዳንዱ ጨርቅ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስቆርጡ። በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑና ግራሙን ለ0.16 ያካፍሉ፤ የሚወጣው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ናሙናው 32 ግራም ከመዘነ ጨርቁ በካሬ ሜትር 200 ግራም ነው ማለት ነው። ይህን እርምጃ አይዝለሉ። «ሄምፕ ከሊነን ይጠነክራል፣ ይሻክራልም» የሚለው ወሬ በአብዛኛው 300 ግራም ሄምፕ ከ150 ግራም ሊነን ጋር ተወዳድሮ የመጣ ነው። በተመሳሳይ ክብደት፣ በተመሳሳይ ክርና በተመሳሳይ አሠራር ሲወዳደሩ ጥንካሬያቸው በጣም ይቀራረባል።

የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት

ራሚ ሳይነጣም ነጭ ነው፣ እንደ ሐር ያብረቀርቃል። ሊነንና ሄምፕ ካልነጡ ግራጫማ ወይም ወደ ቡኒ ያደላሉ፤ እነሱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ለሁለቱ የሚሆን ቀላል ፈተና አለ። ከድር ወይም ከማግ አንድ ክር ይምዘዙ፣ ከፍተው አንዲት ቀጭን ቃጫ ያውጡና ውሃ ያስነኳት። አንዱን ጫፍ በወረንጦ ይዘው ሌላው ጫፍ ወደ እርስዎ እንዲያይ አድርገው ከጋለ ምጣድ በላይ ያቆዩአት። ስትደርቅ ቀስ ብላ ትዞራለች፦ ተልባና ራሚ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ሄምፕ በተቃራኒው። መስኮት ተዘግቶ መሥራት አለበት፣ ትንሽ ንፋስ ውጤቱን ያሳስታል። አንድ ቃጫ አይብቃዎት፤ አምስት ስድስቱን ይሞክሩ።

ከዚህ ሌላ ጨርቁ ስታርች ተቀብቶ እንደሆነ ይወቁ። ፋርማሲ ከሚሸጠው የአዮዲን ቅባት አንዲት ጠብታ ጠርዙ ላይ ያኑሩ፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለበት። እንዲህ ያለው ጨርቅ አሁን ያለው ድርቀት የራሱ ስላልሆነ ከመታጠቡ በፊት አይፍረዱበት። የተገላቢጦሹም አለ፦ በፋብሪካ ማለስለሻ የተነከረ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ቤት ሲታጠብ ይሻክራል።

መቀቀል

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ባለ ቀለም ክር ሰፍተው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ያመልክቱ። ከዚያ አራት ሊትር ውሃ በሚይዝ የማይዝግ ብረት ወይም የኢናሜል ድስት ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽና አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ያሟሙ። ናሙናዎቹን ለየብቻ ይቀቅሉ፤ የውሃውን ቀለም ማየት ያስፈልጋል። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት፤ ብቅ ያለው ክፍል የተለየ ቀለም ይይዛል። የአልሙኒየም ድስት አይጠቀሙ፣ ሶዳው ድስቱን ይበላዋል። የዛገ በርሜልም የማይለቅ ነጠብጣብ ያትማል።

ለዝግታ ፍላት አንድ ሰዓት ይስጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት። ስለዚህ ሰዓቱን ማሳጠር አያዋጣም።

ያልነጣ ሊነን ውሃውን እንደ ሻይ ያጠቁረዋል፤ ሙጫው ወጣ ማለት ነው። ሄምፕም እንዲሁ፤ ግን ሁለተኛ ጊዜ በአዲስ ውሃ ቢቀቀል እንደገና ያጠቁራል። የራሚ ውሃ ንጹህ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል፦ የሚወጣ ነገር ከሌለ የሚለሰልስ ነገርም የለም።

ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፤ በመጨረሻው ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨምሩ። ያልወጣ ሶዳና ሳሙና ጨርቅ ውስጥ ሲደርቅ ያደርቀዋል፣ እርስዎም ጥፋቱን ለቃጫው ይሰጣሉ።

ሲደርቅ ምልክቱን ይለኩ። 30 ሴንቲ ሜትሩ 28.8 ከሆነ ጨርቁ 4 በመቶ ሸሽቷል። 240 ሴንቲ ሜትር አንሶላ ከፈለጉ 240ን ለ0.96 ያካፍሉ፤ 250 ይገዛሉ፣ ቅምቅማቱ ሳይቆጠር። በድርና በማግ በኩል ሽሽቱ ስለሚለያይ ሁለቱንም ለየብቻ ይለኩ።

የእጥፋት ፈተና

ራሚ ሲጎተት ከዕፅዋት ቃጫዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሲረጥብም፣ እንደ ሁለቱ ሁሉ፣ ጥንካሬው ይጨምራል። ደካማ ጎኑ የሚታየው ሲታጠፍ ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና አሥር ክር ይምዘዙ። አንዱን ክር አጥፈው በጥፍር ይጫኑ፣ ገልብጠው እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ይጫኑ፤ እስኪበጠስ ይቁጠሩና የአሥሩን አማካይ ይያዙ። የሦስቱ ክሮች ውፍረት ካልተቀራረበ ቁጥሩ አይወዳደርም። ውፍረታቸው ከተቀራረበ ግን ራሚ ቀድሞ ይበጠሳል። ህዋሱ ግትር ስለሆነ ደጋግሞ የታጠፈበት ቦታ ይሰበራል።

ይህ ልብስ ላይ የሚታየው በኮሌታ እጥፋት፣ በእጅጌ ጫፍና በካውያ በተሳለ መስመር ላይ ነው። የራሚ የጠረጴዛ ልብስ በየሳምንቱ በአንድ መስመር ታጥፎ ቢተኮስ ሌላው ክፍል አዲስ ሆኖ ሳለ መስመሩ ይቀደዳል። መፍትሔው በካርቶን ጥቅል ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም እጥፋቱን በየጊዜው ማዛወር ነው።

ምን ለምን

ለአንሶላና ለሸሚዝ ከ150 እስከ 200 ግራም ሊነን ይሻላል፤ ቆዳ ላይ የሚውል ነገር ቶሎ ቢለሰልስ ይጠቅማል። ለሽርጥ፣ ለከረጢትና ለሥራ ሱሪ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሄምፕ ይመረጣል፤ መዘግየቱ እዚህ ጉዳት የለውም፣ ከብዙ እጥበት በኋላ የሚያገኙት ጨርቅም ከምርጥ ሊነን ጋር ይወዳደራል። ራሚን ማለስለስ ይተዉት። በደቡብ ኮሪያ የሃንሳን አካባቢ ሸማኔዎች «ሞሲ» የሚሉት ስስ ራሚ፣ ሽመናው በ2011 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው፣ የበጋ ልብስ የሚሆነው ግትርነቱ ከገላ አርቆ ስለሚያቆመውና አየር ስለሚያስገባ ነው። ለመጋረጃና ከላይ ለሚደረብ ሰፊ ልብስ ይሁን፤ ጠበብ ያለ ቀሚስ አይስፉበት።

ሄምፑን ማለማመድ

ለግማሽ ኪሎ ጨርቅ በ15 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ በቂ ነው፤ በሁለት ዙር ይቀቅሉት። ከዚያ በኋላ ሥራው የእጅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ገመድ ላይ እስኪደርቅ ከተተወ ጨርቁ እንደ ሳንቃ ይቆማል፤ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደርቃሉና። እርጥበቱ ሳያልቅ ያውርዱት፣ በኃይል ያራግፉት፣ በሁለት እጅ ይሹትና ጥላ ውስጥ ይጨርሱት። በየእጥበቱ እንዲህ ቢደረግ ለውጡ ከአምስተኛው ጊዜ በኋላ በእጅ ይታወቃል።

በረኪና አይንኩ። ሙጫውን ብቻ ሳይሆን ህዋሱንም ይበላል፤ ጨርቁ የለሰለሰ መስሎ ከስፌቱ አጠገብ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሽቶ ያለው የልብስ ማለስለሻም ቃጫውን በስብ ስለሚሸፍን ላብና ውሃ መምጠጡን ይቀንሳል። ጉልበትና ክርን ላይ ማግ ብቻውን መታየት ከጀመረ ድሩ እያለቀ ነው፤ ሳይቀደድ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ጨርቅ ደርበው በመርፌ ያያይዙት።